ስትሬች ሱሪ ለእርሻ፣ ለገደል መውጣትና ለረጅም ጉዞ፦ ላስቲኩ ስንት በመቶ ይሁን?

ጓሮ አልሚ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሱሪ ለሦስት ሥራ ነው የምፈልገው። በሥራ ቀን አትክልት ላይ ነኝ። ቁጢጥ ብዬ አርማለሁ፣ ተንበርክኬ ችግኝ እተክላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ወይ ገደል እወጣለሁ፣ ወይ ቀኑን ሙሉ በእግሬ እጓዛለሁ።

አሁን ያለኝ 97 በመቶ ጥጥ፣ 3 በመቶ ኢላስቴን የሆነ ጂንስ መሰል ስትሬች ሱሪ ነው። አዲስ እያለ በጣም ይመቻል። ወራት ሲያልፉ ግን ሦስት ነገር መጣ። አንደኛ፣ ጉልበቱ ሰፍቶ ቀረ። ቆሜ እንኳ ወደፊት ተነፍቶ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጭኑ ላይ ነጫጭ፣ አጫጭር፣ ፀጉር የመሰለ ነገር ከጨርቁ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ሦስተኛ፣ ድንጋይ ላይ እግሬን ከፍ ሳደርግ የኋላው ስፌት ተተረተረ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ላስቲኩ ስላነሰ ነው እንዲህ የሆነው? 8 ወይም 10 በመቶ ያለው ብፈልግ ይሻላል? ወይስ ጭራሽ ላስቲክ የሌለው?

ገደል ወጪ

3 በመቶ ምን አላት! ለመውጣት ከሆነ ከ10 በታች አትይ። እኔ የምለብሰው 14 በመቶ ኢላስቴን ያለው ነው። እግሬን እስከ ደረቴ ባነሳ ምንም አይዘኝም። ጉልበቱም አይሰፋም፤ ወዲያው ይመለሳል። ላስቲክ በበዛ ቁጥር መለጠጡም መመለሱም ይጨምራል። ነገሩ ቀላል ነው።

ቀበቶ

እኔም በወገብ ላስቲክ ተሰቃይቻለሁ። ሰፊው ላስቲክ ከጠባቡ ይሻላል። ጠባቡ ይጠቀለልና ወገብ ይቆርጣል። ደግሞ ከውስጥ ማጥበቂያ ገመድ ይኑረው።

ጓሮ አልሚ

አመሰግናለሁ ቀበቶ፣ ግን ስለ ወገቡ አይደለም ያነሳሁት። የሱሪው ጨርቅ ራሱ ውስጥ ስላለው ላስቲክ ነው።

ድርና ማግ

እህቴ፣ መቶኛውን ለጊዜው እንተወው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ለክተሽ ንገሪን። ሜትርና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ለረጅም ዓመት ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ መለጠጥን የምንፈትሽበት ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ በማሽን የሚደረገውን ቤት ውስጥ በእጅ በደንብ መጠጋት ይቻላል።

አንድ፦ ከሱሪው ባልተጎዳ ቦታ፣ ለምሳሌ ከባት በኩል፣ ጨርቁ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር በወርድ ምልክት አድርጊ። ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በቁመት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት አቅጣጫ። እያንዳንዱን በሁለት እጅ አጥብቀሽ ሳቢ፤ እስኪቀደድ ሳይሆን ጨርቁ እምቢ እስኪል። ስንት እንደደረሰ ጻፊ።

ሁለት፦ ከዚያ ልቀቂው። ወዲያው ለኪ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽም ድገሚ። ምልክቱ ወደ 10 ካልተመለሰ የቀረው ትርፍ ነው ጉልበት ላይ ተነፍቶ የሚታይሽ።

ሦስት፦ ይህ ሱሪ ሳይሆን ገላሽ ነው። ቆመሽ ከጉልበትሽ መሃል 10 ወደ ላይ፣ 10 ወደ ታች ምልክት አድርጊ፤ በድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቁጢጥ በይና ሜትሩን በጉልበትሽ ላይ አስተኝተሽ እንደገና ለኪ።

በተጨማሪ ሁለት ነገር ንገሪኝ። የተተረተረው ቦታ ላይ የተበጠሰው ክሩ ነው ወይስ ጨርቁ? ስታጥቢውስ እንዴት ታጥቢዋለሽ?

ጓሮ አልሚ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ለካሁ።

በወርድ፦ 10 የነበረው 12.8 ደረሰ። ስለቀው 10.4፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 10.3።

በቁመት፦ 10 የነበረው 10.2 ብቻ። ምንም አልተለጠጠም ማለት ይቻላል። ይሄ ገረመኝ።

ጉልበቴ፦ ቆሜ 20፣ ቁጢጥ ስል 27።

የተበጠሰው ክሩ ነው። ጨርቁ ግራና ቀኙ ሙሉ ነው። እጥበቱ በማሽን ነው፣ ጭቃ ስለሚበዛው በሙቅ ውሃ። አንዳንዴ በረኪና ይገባበታል። ከዚያ ማድረቂያ ማሽን።

ድርና ማግ

በጣም ጥሩ። መልሱ ቁጥሮችሽ ውስጥ አለ። አንድ በአንድ ልሂድበት።

ጉልበትሽ ሲታጠፍ 7 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። ከሲሶ በላይ ነው። ይህ ርዝመት የመጣው በቁመት ነው። ሱሪሽ ግን የሚለጠጠው በወርድ ብቻ ነው። ስትሬች ጂንስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲኩ ያለው ማጉ ላይ ነው፤ ድሩ ተራ ጥጥ ነው። ሱሪ ሲቆረጥ ድሩ ከወገብ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማጉ እግሩን ይዞራል። ስለዚህ ላስቲኩ ለጭንና ለዳሌ ዙሪያ ይረዳል፤ ጉልበት ግን የሚለምነውን ቁመት አይሰጥም። 3 በመቶውን 6 ብታደርጊው፣ ያ 6 ማጉ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጉልበትሽ ያው 10.2 ነው የሚያገኘው።

ታዲያ ያ 7 ሴንቲ ሜትር ከየት ይመጣል? ጨርቁ ይንሸራተታል። የሱሪው ጫፍ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከጭን በኩልም ይሳባል። ሰፋ ያለና ደረቅ ሱሪ ይህን ያለ ችግር ያደርገዋል። ላስቲክ የሌላቸው የድሮ የሥራ ሱሪዎች ለቁጢጥ የሚመቹት ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጨርቁ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ነገር ሲኖር ነው። ሱሪውን ቦት ጫማ ውስጥ ከከተትሽው ታችኛው ጫፍ ታስሯል። ጨርቁ በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ ጭን ላይ ይጣበቃል። የጉልበት መከላከያ ካሰርሽበት ማሰሪያው ይይዘዋል። ገደል ስትወጪ ደግሞ የምትታሰሪበት ሃርነስ የእግር ቀለበት ጭንሽ ላይ አንቆ ይይዘዋል። እነዚህ ባሉበት ሁሉ የሚለጠጥ ጨርቅ በእርግጥ ይጠቅማል። ግን በቁመት የሚለጠጥ መሆን አለበት።

ሁለተኛው መመለሱ ነው። በወርድ 3 በመቶ ሳይመለስ ቀርቷል። የሱሪሽ ጉልበት ዙሪያ 44 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ትርፍ ጨርቅ ማለት ነው። ይህም የለካሽው ባት ላይ፣ ብዙም ያልደከመ ቦታ ነው። ቀኑን ሙሉ የታጠፈው ጉልበት ከዚህ ይብሳል።

እነዚያ ነጫጭ ፀጉሮች የላስቲኩ ክሮች ናቸው። እንዲህ ባለ ክር ውስጥ ኢላስቴኑ መሃል ላይ ነው፤ ጥጡ ዙሪያውን ይጠመጠምበታል። ሲፈተል ኢላስቴኑ ብዙ እጥፍ ተስቦ ነው የሚገባው። ስለዚህ ውስጥ ሲበጠስ ወደ ኋላ ይሰበሰብና ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። አንዷን በወረንጦ ይዘሽ ሳቢያት፤ ከተለጠጠችና ከተመለሰች እሷ ናት። በብዛት መታየት ከጀመረች ያ ቦታ ላስቲኩን አጥቷል፤ በእጥበት አይመለስም።

የበጠሰው ማን ነው? በረኪናው አንደኛው ነው። ክሎሪን ኢላስቴንን ይበላዋል። ጥጡ ችሎ ያልፋል፣ ላስቲኩ አይችልም። የማድረቂያው ሙቀት ሁለተኛው ነው፤ በተደጋገመ ቁጥር የመመለስ ጉልበቱን ያዳክማል። ሦስተኛው ጭቃው ነው። ደቃቅ አሸዋ ክሩ መሃል ገብቶ ሱሪው በታጠፈ ቁጥር ይፈጫል።

ስፌቱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ገደል ወጪ

ጋሼ ስለ አቅጣጫው ገባኝ። የእኔን ለካሁ፤ በወርድ 10 ወደ 14፣ በቁመት 10 ወደ 13 ሄደ። ሲለቀቅ 10.1። ታዲያ 14 በመቶው አይደል ይህን ያደረገው?

ድርና ማግ

የአንተ ጨርቅ በሁለቱም አቅጣጫ ላስቲክ አለው። ለዚህ ነው መቶኛው የበዛው። ምናልባትም ሹራብ ሥራ ነው እንጂ በድርና ማግ የተሸመነ አይደለም። ሹራብ ቀለበቶቹ ራሳቸው ስለሚከፈቱ ያለ ላስቲክም ይለጠጣል፤ ላስቲኩ የሚያግዘው እንዲመለስ ነው።

መለያው ላይ ያለው ቁጥር የክብደት ድርሻ ነው። ላስቲኩ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ተስቦ እንደገባ፣ ጨርቁ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሆነ አይነግርህም። በሁለት አቅጣጫ 6 በመቶ ያለው ጥሩ የናይለን ሱሪ፣ በአንድ አቅጣጫ 10 በመቶ ካለው በተሻለ ጉልበት ሊያስታጥፍ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መለያውን ከማንበብ በፊት ጉልበቱን በቁመት ሳበው።

ሌላም ልጠይቅህ። የምትወጣው ግድግዳ ላይ ነው ወይስ ድንጋይ ላይ?

ገደል ወጪ

በብዛት ቤት ውስጥ ያለ ግድግዳ ላይ። ድንጋይ ላይ ስወጣ የለበስኩት ያው ሱሪ ጉልበቱ ተላጠ፣ አዎ። ክሩም ተጎትቶ ወጥቷል። ግን ለመንቀሳቀስ አሁንም ከእሱ የሚሻል የለም።

ድርና ማግ

ጉዳቱ እዚያ ነው ያለው። ተለጥጦ ገላ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ሻካራ ነገር ሲነካው የሚሸሽበት የለውም። ላላ ያለ ጨርቅ ድንጋይ ሲነካው ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል። የተወጠረው ግን ጉልበትና ድንጋይ መሃል ተይዞ ይፈገፈጋል። ሲለጠጥ ደግሞ ይሳሳል፤ ክሮቹ ይራራቃሉ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ችግኝ ሲተከልም ያው ነው። እሾህም በተራራቁት ክሮች መሃል በቀላሉ ይገባል፣ ሲወጣ ክር ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ለእርሻ ሥራ ከጉልበት በላይ ሰፋ ያለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ፣ ላስቲኩ ትንሽ የሆነ ወይም ጭራሽ የሌለው እመርጣለሁ። ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ ይደረግበት። ለመውጣት በሁለቱም አቅጣጫ የሚለጠጥ፣ መሠረቱ ናይለን የሆነ። ናይለን መፈግፈግን ከፖሊስተርም ከጥጥም በተሻለ ይችላል።

ረጅም መንገድ

ስለ መራመድ ማንም ስላልተናገረ ልግባበት። እኔ የማወራው ጀርባ ላይ ሸክም ተይዞ ቀናት ስለሚፈጅ ጉዞ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ጥጥና ላስቲክ የተቀላቀለበትን አልመክርም። ሲርስ ይከብዳል፣ ይረዝማል፣ ከወገብ ይወርዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። ያ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጭን ላይ ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍግ ቆዳ ይልጣል። ጠባብ ስትሬች ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ አየር አይገባበትም። ትንኝም በተወጠረ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብላ ትነድፋለች።

እኔ አሁን የምሄድበት ናይለን ነው፣ 6 በመቶ ላስቲክ ያለው፣ ሰፋ ያለ። በጣም ደስተኛ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ሱሪው ገና ብዙ ያላገለገለ ነው። ጉልበቱ ደህና ነው። ሁለቱ ጭኖች ላይ ግን፣ ልክ እጄ በሚያርፍበት ቦታ፣ ጨርቁ ረግቦ ተሸብሽቧል። ሲሳብ አይመለስም። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ነው። ፀሐይ ነው እንዳልል ሁሉንም እኩል ነው የምትመታው።

ድርና ማግ

የትንኝ መከላከያ ትቀባለህ?

ረጅም መንገድ

አዎ፣ በየቀኑ። እጄንና አንገቴን። የተረፈውን ሱሪው ላይ እጠርገዋለሁ መሰለኝ።

ድርና ማግ

ጠርሙሱን እየው። ዲት የሚባለው ውህድ ካለበት እሱ ነው። ዲት ጥጥን፣ ሱፍንና ናይለንን አይነካም። ኢላስቴንን ግን ይጎዳዋል፤ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ ማስጠንቀቂያው ተጽፏል። ናይለኑ ስለቆየ ሱሪው የተቀደደ አይመስልም፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ግን አልቋል። ለዚህ ነው የእጅህን ቅርጽ ይዞ የረገበው።

ፒካሪዲን ያለበት መከላከያ እንዲህ አያደርግም። ዲቱን የምትመርጥ ከሆነ ደግሞ እጅህን በሌላ ጨርቅ ጥረግ።

ረጅም መንገድ

አየሁት፣ ዲት ነው። ተመስገን፣ አሁን ገባኝ። የሱሪው ጥራት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የትራክተር ሰው

ጋሼ ድርና ማግ ለእርሻ ሰፋ ያለ ይሁን ሲሉ አንድ ነገር ልቃወም። አትክልት ላይ በእጅ ለሚሠራ ይስማማኛል። የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ለሚሠራ ሰው ግን ሰፊ ሱሪ አደጋ ነው። የትራክተሩን ኃይል ወደ ሌላ ማሽን የሚያስተላልፈው ፒቲኦ ዘንግ በተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የሱሪ ጫፍ ከያዘ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ለዚህ ሥራ ገላ ላይ ልክክ ያለ፣ በመጠኑ የሚለጠጥ ሱሪ ነው የምለው። ጠባብ ሆኖ ወደ ትራክተሩ መውጣት የሚያስችለኝ ላስቲኩ ነው። ሰፊና ላላ ሱሪ በሕይወቴ አልለብስም።

ሌላው እሳት ነው። ብየዳ ወይም የመፍጫ ማሽን ፍንጣሪ ባለበት ናይለንም ፖሊስተርም አልለብስም። ጥጥ ይቃጠላል፣ ሰው ሠራሽ ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ድርና ማግ

ትክክል ነህ፣ ይህን ማንሳት ነበረበት። ዘንጉ ግን መሸፈኛው ካልኖረ ጠባብ ሱሪም አያድንም። ጠንካራ የናይለን ጨርቅ ደግሞ ቢያዝ ቶሎ አይቀደድም፤ ሰውየውን ይዞ ይሄዳል። እኔ መሃሉን እመርጣለሁ። ዳሌና ጭን ላይ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ጫፉ የማይንዘላዘል።

የትራክተር ሰው

መሸፈኛው የግድ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። በስፋቱ ግን አልተስማማንም። ጭን ላይ ያለ ሰፊ ጨርቅም ሰው ዘንግ ተሻግሮ ሲራመድ ይያዛል። መሻገር ክልክል ነው፣ ግን ሰው ይሻገራል።

ጓሮ አልሚ

እኔ ትራክተር አልነዳም፤ የምሠራው በእጅ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለው ይሆነኛል ማለት ነው። ግን ጋሼ፣ የስፌቱን ነገር እመለስበታለሁ ብለው ነበር።

ድርና ማግ

አልረሳሁትም።

ክሩ ተበጥሶ ጨርቁ ሙሉ ከሆነ፣ ጨርቁ የተለጠጠውን ያህል ስፌቱ አልተለጠጠም ማለት ነው። ተራ ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰጠው በጣም ጥቂት ነው። በስትሬች ጨርቅ ላይ ስትቀመጪ ጨርቁ ይዘረጋል፣ ክሩ ግን ብቻውን ሸክሙን ይይዛል። የሆነ ቀን ይበጠሳል። ጨርቁ ከስፌቱ ጎን ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ወይ ሱሪው ጠቧል፣ ወይ የመርፌው ሹል ጫፍ ላስቲኩን ወግቶ ቆርጦታል።

ስትጠግኚው እንዲህ አድርጊ። ለስትሬች የሚሆን ጫፉ ድቡልቡል መርፌ ግዢ። ክሩን ወግቶ ሳይሆን ገፍቶ ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ወፍራም ጨርቅ 90 ቁጥር ይበቃል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ማሽኑን በጣም ጠባብ ዚግዛግ ላይ አድርጊው፤ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ እርምጃው 2.5 ሚሊ ሜትር። ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ሲሳብ ግን ይሰጣል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሰፍተሽ በሁለት እጅ አጥብቀሽ ሳቢው። ክሩ ጠቅ ካለ ዚግዛጉን ትንሽ አስፊው።

ነገር ግን ስፌቱ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። የሱሪው ሁለት እግሮች የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ አራት ስፌት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። እግርሽን ወደ ጎን ከፍ ስታደርጊ ጫናው ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይወድቃል። ለመውጣት የተሠሩ ሱሪዎች እዚያ ቦታ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ጨርቅ አላቸው። አራቱን ስፌት ትለያያቸዋለች፣ ወደ ጎን የሚበቃ ጨርቅም ትሰጣለች። ይህች ቁራጭ ካለች ላስቲክ የሌለው ጥጥ እንኳ እግር ያስነሳል።

አሁን የመጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ። 10 በመቶ ያለው ብትገዢ እርሻው ላይ ቶሎ ትጨርሺዋለሽ። ላስቲክ የሌለው ጠባብ ብትገዢ ገደሉ ላይ ትታሰሪያለሽ። አንድ ሱሪ ብቻ ይሁን ካልሽ፣ ያቺ ቁራጭ ያላት፣ ጉልበቱ ላይ ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ የተሰፋ፣ በቁመት ከ10 ወደ 11.5 ወይም 12 የሚሄድ፣ ሲለቀቅ 10.1 ላይ የሚመለስ የተሸመነ ናይለን ፈልጊ። መለያው 4ም ይበል 7ም ይበል አያስጨንቅሽ።

ገደል ወጪ

መለያው ላይ ኢላስቴን የሚል የሌለበት ግን የሚለጠጥ ሱሪም አይቻለሁ። 100 በመቶ ፖሊስተር ይላል። ያታልላሉ?

ድርና ማግ

አያታልሉም። ክሩ ራሱ እንደ ምንጭ እየተጠመዘዘ የተሠራ ፖሊስተር አለ። አንዱ ዓይነት ሁለት የተለያየ ፖሊስተር ጎን ለጎን ተጣብቆ የሚወጣ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚኮማተር ክሩ ይጠመዘዛል። መለያ ላይ ኤላስቶመልቲኤስተር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ አንዳንዴ ፖሊስተር ውስጥ ይደመራል። እንደ ኢላስቴን ብዙ አይለጠጥም። ክሎሪንንና ሙቀትን ግን ከእሱ በተሻለ ይችላል። ብዙ ለሚታጠብ የሥራ ልብስ ጥሩ ምርጫ ነው። እህታችንም ካገኘች ትሞክረው።

ረጅም መንገድ

ስለ እጥበት ከተነሳ፣ የጨርቅ ማለስለሻ ላስቲክ ይገድላል የሚሉ አሉ። እኔ ሁልጊዜ እጨምራለሁ፤ ምንም አላየሁም።

ክር በመርፌ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ስትሬች ሱሪ ለጥገና ሲመጣልኝ ማለስለሻ የለመደው ይታወቀኛል። ይንሸራተታል፣ ይላላል። እኔ አትጨምሩ ነው የምለው።

ድርና ማግ

ማለስለሻ ክሩ ላይ ሽፋን ይተዋል። ላብ መምጠጥን እንደሚቀንስ አውቃለሁ፣ ለጉዞ ሱሪ ያ ብቻውን እንዳልጨምር ይበቃኛል። ላስቲኩን ይበጥሳል የሚለውን ግን በፍተሻ ክፍላችን አላየሁትም። ክር በመርፌ የምትለው መላላት ከሽፋኑ ይሁን ከእርጅናው መለየት ይከብዳል።

ክር በመርፌ

እኔ በእጄ የሚመጣውን ነው የማየው፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ለጓሮ አልሚ ግን ሌላ ነገር ልበል። ያለሽን ሱሪ አትጣይው። ነጭ ፀጉር የበዛበት ጭኑ ስለሆነ ለመውጣት አይሆንም፤ ለአረም ግን ይሆናል። ጉልበቱ የሰፋው ላይ ከላይ ጥቅጥቅ ያለ ላስቲክ የሌለው ጥጥ ደርቢበት። ድርቡን የምትሰፊው ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ሱሪውን ለብሰሽ ከለካሽ በኋላ ይሁን። ቆመሽ ለክተሽ ከሰፋሽው ስትታጠፊ ይይዝሻል። ስፌቱም ጉልበቱ አናት ላይ አይረፍ፤ ስትንበረከኪ ይወጋሻል፣ ክሩም መሬት እየነካ ያልቃል።

ጓሮ አልሚ

ይሄ ደስ ብሎኛል። ያቺ የአልማዝ ቁራጭስ አሁን ባለኝ ሱሪ ላይ መግባት ትችላለች? ስፌቱ እንደሆነ ተተርትሯል።

ክር በመርፌ

ትችላለች። ከመሃሉ ወደ አራቱም አቅጣጫ ስፌቱን ትንሽ ትንሽ ፍቺው፤ ወደ ሁለቱ እግሮች ውስጥ ስፌት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደግሞ ወደ 6። የተከፈተው ቦታ አልማዝ ይሆናል። ቁራጩን 20 በ12 አድርገሽ ቁረጪው፣ ለስፌት በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ተርፎ። ረጅሙ ጎን ከእግር ወደ እግር ነው የሚሄደው።

ዋናው ነገር አቆራረጡ ነው። ጨርቁን በድሩ ወይም በማጉ ቀጥታ አትቁረጪው፤ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪው። ማንኛውም የተሸመነ ጨርቅ፣ ላስቲክ ባይኖረውም፣ በሰያፍ ሲሳብ ይሰጣል። በእጅሽ ያለውን የጥጥ ጨርቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሳቢውና ታዪዋለሽ። ስለዚህ ለዚያች ቁራጭ ስትሬች አያስፈልግሽም። ጠንካራ ጥጥ ይበልጣል፤ በረኪናም እንደ ላስቲክ አይበላውም።

ድርና ማግ

በዚህ እስማማለሁ። ብቻ ማዕዘኖቹ ላይ ስትደርሺ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ የማሽኑን እግር አንስተሽ ጨርቁን አዙሪው እንጂ ክሩን አትቁረጪ። ከማዕዘን ነው ሁልጊዜ መተርተር የሚጀምረው። ከዚያ በኋላ ጭቃውን ደርቆ እያለ በብሩሽ አራግፊ፣ ገልብጠሽ በ30 ወይም በ40 ዲግሪ እጠቢ፣ ጥላ ላይ አስጪ። በረኪናውን ለሌላ ልብስ ተይው።

ጓሮ አልሚ

በዚህ ሳምንት እሞክረዋለሁ። ሱሪ ፍለጋ ስወጣ ደግሞ ሜትሩን ይዤ ነው የምሄደው። ሻጮቹ በቁመት ስስብ ቢቆጡ ምን እላቸዋለሁ?

ገደል ወጪ

መሳብ ካልፈቀዱ ልበሺውና ቁጢጥ በይ። ጫፉን በእግርሽ ረግጠሽ። ያኔ አይንሸራተትም፣ ጨርቁ ራሱ ይሰጥ እንደሆነ ጉልበትሽ ይነግርሻል።